ቅንፍ ሁሉ ማባዣ አይደለም

በሁለተኛ ደረጃ የሒሳብ ወርክሺት ላይ እንዲህ የሚል ጥያቄ አለ እንበል፦ f(x) = x² + 1 ከሆነ f(2) ስንት ነው? መልሱ 5 ነው። አንዳንድ ተማሪ ግን 2f ብሎ ይጽፋል። f የሚባል ቁጥር ያለ መስሎት በ2 አባዝቶታል።

በዚህ መፍረድ ይከብዳል። ለዓመታት 3(4) ሲያይ 12፣ a(b + c) ሲያይ ab + ac በል ተብሎ ነው ያደገው። ኦይለር በ1730ዎቹ ያስለመደው f(x) የሚባለው አጻጻፍ ደግሞ ያንኑ ቅንፍ ለሌላ ሥራ ተዋሰው። እዚህ ላይ f ቁጥር ሳይሆን የአንድ ደንብ ስም ነው፤ በቅንፉ ውስጥ ያለው ደግሞ ለደንቡ የሚሰጠው ቁጥር ነው። ደንባችን «የተሰጠህን በራሱ አባዛና 1 ጨምር» ስለሚል 2 ሲሰጠው 4፣ ከዚያም 5 ይሆናል።

ችግሩ ተማሪው ተሳስቶም ትክክለኛ መልስ ሊያገኝ መቻሉ ነው። ወርክሺቱ f(x) = 4x ብሎ f(2 + 3) ቢጠይቅ፣ f እያባዛ የሚበትነው ተማሪ f(2) + f(3) ብሎ 8 + 12 = 20 ያገኛል። ትክክለኛው f(5)ም 20 ነው። መምህሩ «ራይት» አድርጎ ያልፋል። በ x² + 1 ቢሆን ግን ይጋለጣል፦ f(2) + f(3) 15 ሲሆን f(5) 26 ነው።

ስህተቱ ሳይታረም ዶሜይንና ሬንጅ ላይ ከተደረሰ ጥያቄው ራሱ ትርጉም ያጣል። f(x) = √(x − 3) እንውሰድ። f በ x የሚባዛ ከሆነ የማይባዛ ቁጥር ስለሌለ፣ ተማሪው ዶሜይኑ «ቁጥር ሁሉ ነው» ይላል። f ደንብ መሆኑን ያወቀ ግን 1ን ሰጥቶ ይሞክራል። ከሥሩ ምልክት ውስጥ −2 ይመጣል፤ በሪል ነምበር ደግሞ የኔጌቲቭ ቁጥር ስኩዌር ሩት የለም። ስለዚህ 1 አይገባም። 3 ሲሰጠው 0፣ 4 ሲሰጠው 1፣ 7 ሲሰጠው 2 ይወጣል። የሚገቡት 3 እና ከ3 በላይ ያሉት ናቸው፤ ዶሜይኑ ይኸው ነው። የሚወጡት ደግሞ 0 እና ከዚያ በላይ ናቸው፤ ሬንጁም ይኸው ነው።

መለያው ቅንፉ ሳይሆን ከቅንፉ በፊት ያለው ፊደል ነው። ከላይ f(x) = ተብሎ ደንብ ከተሰጠው ፊደሉ ስም ነው። በ x(x + 1) ውስጥ ያለው x ግን ቁጥር ስለሆነ ማባዛት ነው። ወርክሺት የሚያዘጋጅ መምህርም f(2 + 3)ን ሲጠይቅ 4xን ትቶ x² + 1ን ቢሰጥ፣ 15 ብሎ የመለሰው ተማሪ የት ላይ እንደሳተ ወዲያው ይታየዋል።