አክብሮትና የጽሑፍ ቋንቋ፦ አንድን መልእክት ለጓደኛና ለታላቅ ሰው መልሶ ስለ መጻፍ

ዛሬ የማቀርበው ማብራሪያ በአንዲት አጭር መልእክት ዙሪያ የሚያጠነጥን ነው። አንድ ወጣት መምህር 5,000 ብር ተበድሯል እንበል። የመመለሻው ቀን ደርሷል፤ ገንዘቡ ግን በእጁ የለም። ስለዚህ ጊዜ እንዲሰጠው መጠየቅ አለበት። ማመልከቻ መጻፍ የለመደ እጅ በቅድሚያ የሚያወጣው እንዲህ ያለውን ነው፦

«በብድር የወሰድኩትን 5,000 ብር በተባለው ጊዜ ለመመለስ ያልቻልኩ በመሆኑ፣ የአንድ ወር ተጨማሪ ጊዜ እንዲፈቀድልኝ በአክብሮት እጠይቃለሁ።»

ዓረፍተ ነገሩ የሰዋስው ግድፈት የለበትም። ጥያቄው አበዳሪው ማን ነው የሚለው ነው። የልጅነት ጓደኛው ሊሆን ይችላል፤ ወይም የአባቱ ወዳጅ የሆኑ፣ «ጋሼ» እያለ ያደገባቸው አዛውንት ሊሆኑ ይችላሉ። ተማሪዎቼን ስጠይቅ በብዛት የማገኘው መልስ «ለጓደኛ በንግግር ቋንቋ፣ ለታላቅ ሰው በጽሑፍ ቋንቋ» የሚል ነው። የመልሱ የመጀመሪያው ግማሽ ያስማማናል። ሁለተኛው ግማሽ ግን ሁለት የተለያዩ ነገሮችን ያምታታል። አማርኛ አክብሮትን የሚገልጸው በቃላት ክብደት ሳይሆን በመደብ ነው፤ ማለትም በ«እርስዎ» ወይም በ«አንቱ»፣ ከእነርሱም ጋር በሚስማማው ግስ። ቋንቋው መጽሐፋዊ መሆኑ ወይም የዕለት ተዕለት መሆኑ የሚያሳየው ሌላ ነገር ነው፤ በተናጋሪዎቹ መካከል ያለውን ርቀት። አንድን ሰው እጅግ አክብሮ እጅግ ቀርቦ መናገር ይቻላል። በየቤታችን ከአያቶቻችን ጋር የምንነጋገረው እንዲሁ ነው።

ጋሼ ከላይ ያለውን ማመልከቻ ቢቀበሉ ምን ይሰማቸዋል? «እንዲፈቀድልኝ» የሚለው ግስ ፈቃጁን ይሰውራል፤ ሰውየውን መዝገብ ቤት ያደርጋቸዋል። በቤታቸው እንጀራ የበላ ልጅ ደጃቸው ላይ ቆሞ ማኅተም የሚጠብቅ ይመስላል። (በነገራችን ላይ፣ ከዚሁ ወገን የሆነው «በዕለቱ እንዲገኙ ይጠየቃሉ» የሚለው የጥሪ ሐረግ ለአዛውንት ፈጽሞ ባይላክ እመርጣለሁ፤ «ይጠየቃሉ» በሕግ መጠየቅንም ያስታውሳልና።)

አሁን መልሰን እንጻፈው። ለጓደኛ፦

«ያቺ ያበደርከኝ 5,000 ብር ለዚህ ወር አልሆነችልኝም። ደሞዝ ዘገየብን። እስከ ጥር 15 ብትታገሠኝ? ከዚያ የሚያልፍ ከሆነ ቀድሜ እነግርሃለሁ።»

እዚህ ላይ «ያቺ» የምትለው የአንስታይ ጾታ ቃል ትልቅ ሥራ ትሠራለች። ገንዘቡን ታሳንሳለች፤ ጉዳዩንም ቀለል ታደርጋለች። በእኩዮች መካከል ይህ የወዳጅነት ምልክት ነው። ለዚሁ ጓደኛ ማመልከቻው ቢላክለት ግን «ተቀየምከኝ እንዴ?» ብሎ መደወሉ አይቀርም። በአማርኛ ለቅርብ ሰው በድንገት መጽሐፋዊ መሆን ማኩረፊያ ነው።

ለጋሼ፦

«ጋሼ፣ እንደምን ሰነበቱ? እትዬስ ደኅና ናቸው? እርስዎ ያበደሩኝን 5,000 ብር በዚህ ወር እመልስልዎታለሁ ብዬ ነበር፤ ደሞዛችን ስለዘገየ አልቻልኩም። እስከ ጥር 15 ቢታገሡኝ ብዬ ነው። እሑድ ቤት መጥቼ አይዎታለሁ።»

ልብ በሉ፤ እዚህ ውስጥ አንድም የመሥሪያ ቤት ቃል የለም። «ደመወዝ» እንኳ «ደሞዝ» ተብሏል። አክብሮቱ ያለው በ«ሰነበቱ»፣ በ«ያበደሩኝ»፣ በ«እመልስልዎታለሁ»፣ በ«ቢታገሡኝ»ና በ«አይዎታለሁ» ውስጥ ነው። «ያቺ» ቀርታለች፤ የራስን ዕዳ ማቅለል ለእኩያ ቢያምርም፣ ለታላቅ ሰው ሲሆን ውለታቸውን ማሳነስ ይሆናል። ጥያቄውም «ብዬ ነው» በሚለው ተቋጭቷል፤ ጠያቂው ሐሳቡን አስቀምጦ ውሳኔውን ለእሳቸው ይተዋል። ዓረፍተ ነገሮቹ ያጠሩትም ያለ ምክንያት አይደለም። የአማርኛ ግስ መጨረሻ ላይ ስለሚመጣ፣ በ«ሲሆን»ና በ«በመሆኑም» የተቀጣጠለ ረጅም ዓረፍተ ነገር ዋናውን ጉዳይ እስከ አራት ነጥቡ ድረስ ያቆየዋል። እንዲህ ያለውን መልእክት ብዙ ጊዜ ለአዛውንቱ ጮክ ብሎ የሚያነብላቸው የልጅ ልጅ ነው፤ በጆሮ የሚከታተል ሰው ያን ያህል መጠበቅ ይከብደዋል።

«እርስዎ» የሚለው ቃል ለምን በግልጽ ተጻፈ? አማርኛ ባለቤቱን በግሱ ውስጥ ስለሚሸከም ተውላጠ ስሙን መተው የተለመደ ነው። ነገር ግን የአክብሮት ግስ ሦስት ጌቶች አሉት። «መጡ» ሲባል እርስዎ፣ እሳቸው ወይም እነሱ ሊሆን ይችላል። ቀደም ሲል «እትዬስ ደኅና ናቸው?» ብለናልና፣ «ያበደሩኝ» ብቻ ቢባል አበዳሪዋ እትዬ ይመስላሉ። ጋሼ ለባለቤታቸው ሳይነግሩ ያበደሩ እንደሆነ ደግሞ፣ መልእክቱን እትዬ ሲያነቡት ምን እንደሚከተል መገመት አያዳግትም። ፊት ለፊት ስንነጋገር ዓይናችን ይህን ያቃናዋል፤ በጽሑፍ ግን ቃሉ ራሱ መገለጥ አለበት።

ብዙውን ጊዜ ጥፋት የሚፈጠረው የጓደኛውን ቅጂ ወደ ጋሼ ቅጂ ስንለውጥ ነው። ጸሐፊው የመጀመሪያውን ግስ ያስተካክልና መጨረሻው ላይ «ቀድሜ እነግርሃለሁ» ሳይነካ ይቀራል። የህን፣ የሽንና የክን ቤተሰብ ፊደላት እየፈለጉ ማረም ብዙውን ያስይዛል፤ ሁሉንም ግን አይደለም። «ብትታገሠኝ» እና «ታገሠኝ» የሁለተኛ መደብ ግሶች ናቸው፤ መጨረሻቸው ላይ ግን ከእነዚህ ፊደላት አንዱም የለም። ስለዚህ እያንዳንዱን ግስ ከፊትም ከኋላም መመርመር ያስፈልጋል። አንዲት «ብትታገሠኝ» በ«እርስዎ» መካከል ከቀረች፣ አንባቢው መልእክቱ መጀመሪያ ለሌላ ሰው የተጻፈ መሆኑን ያውቃል።

የዚህ ምክር ወሰኑ ሁለት ቦታ ላይ ነው። አንደኛ፣ «ጋሼ» ማለት የግድ «እርስዎ» ማለት አይደለም። በብዙ ቤት ታላቅ ወንድም «ጋሼ» ተብሎ «አንተ» ይባላል፤ እናትም «አንቺ» ትባላለች። በጸሎት እግዚአብሔር ራሱ «አንተ» ይባላል፤ ማንም ግን እንደ ንቀት አይቆጥረውም። አንደበታችሁ «አንተ» የሚለውን ሰው በጽሑፍ «እርስዎ» ብትሉት፣ ያ አክብሮት ሳይሆን መራራቅ ሆኖ ይነበባል። ሁለተኛ፣ እኚሁ ጋሼ የእድር ሰብሳቢ ቢሆኑና ብሩ የእድሩ ቢሆን ኖሮ፣ ያ መጀመሪያ የናቅነው ማመልከቻ ትክክለኛው ጽሑፍ ይሆን ነበር። በስብሰባ የሚነበብና ከቃለ ጉባኤ ጋር የሚያያዝ ወረቀት «እትዬስ ደኅና ናቸው?» ሊል አይችልም።

ከተሳታፊዎች የቀረበልኝ አንድ ጥያቄ ነበር፦ ለጋሼና ለእትዬ በአንድነት ሲጻፍስ? ጥሩ ጥያቄ ነው፤ «እናንተ» የአክብሮት ቅርጽ የለውምና። ለሕፃናትም ለአዛውንትም ያው «ትታገሡኛላችሁ» ነው። ሳሳ ያለ መስሎ የሚሰማው ሰው በመጠሪያቸው እየጠራ በሦስተኛ መደብ ሊጽፍ ይችላል፦ «ጋሼም እትዬም እስከ ጥር 15 ቢታገሡኝ ብዬ ነው።»