አምራቹ ያልተጻፈለት ፓወር ሰፕላይ

ተገጣጥሞ የሚሸጥ የጌም ኮምፒውተር ዝርዝር ላይ ገዢ የሚስብ ዕቃ ከነሞዴሉ ይጻፋል፤ ወጪ የተቆጠበበት ዕቃ ደግሞ ብዙውን ጊዜ በአንድ ቁጥር ይታለፋል። እንዲህ የሚል ዝርዝር ቀረበልን እንበል፦ ፕሮሰሰር Core i5-13400F፣ ግራፊክስ ካርድ RTX 4070፣ ራም 16 ጊጋባይት፣ ፓወር ሰፕላይ 500 ዋት። ራሙ አንድ ባለ 16 ይሁን ሁለት ባለ 8 አልተነገረም፤ አንድ ከሆነ ጌሙ ሊንቀራፈፍ ይችላል፣ ግን ሌላ ገዝቶ መጨመር ቀላል ነው። እኔን የሚያሳስበኝ ማን እንደሠራው እንኳ ያልተጻፈለት ፓወር ሰፕላይ ነው።

እስቲ እናስላው። ግራፊክስ ካርዱ በሙሉ አቅሙ ሲሠራ 200 ዋት ገደማ ይወስዳል፤ ፕሮሰሰሩ እስከ 148 ዋት ሊደርስ ይችላል። ለቀሪው 50 ዋት ብንይዝ ድምሩ 400 አይሞላም። ታዲያ 500 ምን አነሰው?

መልሱ ያለው ፓወር ሰፕላዩ ጎን ላይ በተለጠፈው ሠንጠረዥ ነው። ሁለቱ ከባድ ተጠቃሚዎች ኃይል የሚያገኙት በዋናነት ከ12 ቮልት መስመር ነው። +12V በሚለው ሥር 30A ተጽፎ ከሆነ፣ 12 በ30 ሲባዛ 360 ዋት ብቻ ይሆናል። የቀረው 140 ዋት የዛሬ ኮምፒውተር እምብዛም ለማይጠቀምባቸው ለ3.3 እና ለ5 ቮልት መስመሮች የተቆጠረ ነው። በደንብ የተሠራ ባለ 500 ዋት በ12 ቮልት 40 አምፔር ገደማ ይሰጣል። በዚያ ላይ ግራፊክስ ካርድ ለቅጽበት ከመደበኛው በላይ ይስባል፤ ኤንቪዲያ ለዚህ ካርድ 650 ዋት የሚመክረውም ይህን መጠባበቂያ ይዞ ነው። ደካማው ፓወር ሰፕላይ የሚታወቀው ኮምፒውተሩ ኢንተርኔት ሲከፈትበት ደህና ሆኖ፣ ከባድ ጌም መሃል ድንገት ድርግም ሲል ነው።

80 Plus የሚለው ምልክት ብቻውን አያረጋግጥም። የሚለካው ከግድግዳው ከተሳበው ኤሌክትሪክ ምን ያህሉ ሳይባክን እንደሚደርስ ነው፤ የውስጥ ዕቃዎቹን ጥራትም ሆነ ዕድሜ አይመሰክርም። ስለዚህ ከክፍያ በፊት የፓወር ሰፕላዩን ሞዴልና የተለጣፊውን ፎቶ ከሻጩ መጠየቅ ይገባል።

ከአሜሪካ ለሚያስመጣ ሰው ያው ተለጣፊ ሌላም ነገር ይነግረዋል። እዚያ ያለው ኤሌክትሪክ 120 ቮልት፣ የኢትዮጵያው 220 ነው። 100-240V የሚል ከሆነ ራሱን ያስተካክላል። 115/230 የሚል ማብሪያ ከጀርባው ካለው፣ ሶኬቱ ከመሰካቱ በፊት ወደ 230 መዞር አለበት፤ 115 ላይ እንዳለ ከተሰካ ወዲያው ይቃጠላል። 115V ብቻ የሚለውን ደግሞ ያለ ትራንስፎርመር መሰካት አይገባም።