«ቸልተኛ ነው» ከማለት በፊት፦ በጽሑፍ የሚሰጥ የሥራ አፈጻጸም ግብረ መልስ



ዛሬ የምናገረው ስለ አንድ ጠባብ ጉዳይ ነው። የቅርብ ኃላፊ የሠራተኛውን የስድስት ወር አፈጻጸም መዝኖ ነጥቡን ከሞላ በኋላ፣ ከግርጌው «አስተያየት» በሚል ርእስ የተተወ ባዶ ቦታ ያገኛል። ብዙ ጊዜ ሦስት ወይም አራት መስመር ነው። በዚያ ቦታ የሚጻፈው ቃል ዕድሜው ከነጥቡ ይረዝማል። ነጥቡ በሚቀጥለው ምዘና ይተካል፤ ቃሉ ግን በግል ማኅደር ተቀምጦ የደረጃ ዕድገት ወይም ዝውውር በተነሣ ቁጥር ይነበባል። የሚያነቡትም አብዛኛውን ጊዜ ጸሐፊውንም ባለጉዳዩንም የማያውቁ የኮሚቴ አባላት ናቸው።

ለማስተማሪያ እንዲሆነኝ፣ ካነበብኋቸው ብዙ ቅጾች አጠናቅሬ ያዘጋጀሁትን አንድ ምሳሌ ላቅርብ። ሠራተኛው በአንድ መንግሥታዊ መሥሪያ ቤት የግዥ ባለሙያ ነው እንበል። አስተያየቱ እንዲህ ይላል፦ «ሠራተኛው ታዛዥና ሰው አክባሪ ነው። ነገር ግን ቸልተኛ ነው፤ የተነሣሽነት ማነስም ይታይበታል። ወደፊት እንዲያሻሽል ይመከራል።»

ይህን አንብቦ ሰኞ ጠዋት ቢሮው የሚገባ ሰው ከዓርቡ የተለየ ምን ይሠራል? ጽሑፉ አይነግረውም። ኃላፊው አንድ ነገር አይቶ ወይም ሰምቶ ነበር፤ ካየው ተነሥቶ ወደ አንድ ድምዳሜ ደረሰ፤ በወረቀቱ ላይ ግን ድምዳሜውን ብቻ አስቀርቶ ማስረጃውን ጣለው። ሠራተኛው ማስረጃውን ሊያርም፣ ሊያብራራ ወይም ሊያምን ይችል ነበር። ድምዳሜውን ግን መቀበል ወይም መቀየም ብቻ ነው የሚቻለው።

ነገሩ የኃላፊዎች ክፋት አይደለም። ኤድዋርድ ቶርንዳይክ የተባለው አሜሪካዊ የሥነ ልቡና ሊቅ በ1920 እ.ኤ.አ. ባሳተመው ጥናት፣ የጦር መኮንኖች የበታቾቻቸውን በአካል ብቃት፣ በአእምሮ፣ በመሪነትና በጠባይ ለየብቻ ሲመዝኑ ነጥቦቹ ከሚገባው በላይ እርስ በርስ ተጣብቀው አገኛቸው። መዛኙ ስለ ሰውየው አንድ ጠቅላላ ስሜት ያድርበታል፤ ያ ስሜት በሁሉም መስፈርት ላይ ይፈስሳል። «ቸልተኛ» የሚለው ቃል የዚህ ዓይነት ፈሳሽ ነው፤ ከአንድ የዘገየ ሰነድ ይነሣና ሰውየውን ሁሉ ያለብሰዋል።

በእኛ ቋንቋ ደግሞ ተጨማሪ ወጥመድ አለ፤ እዚህ ላይ ትንሽ ብቆይ ደስ ይለኛል። የምዘና ቅጾቻችን ሠራተኛው ሲያደርግ የሚታየውን ነገር «ባሕርይ» ይሉታል። ባሕርይ ግን በግእዙም ሆነ በነገረ መለኮቱ የአንድን ነገር ተፈጥሮ የሚያመለክት ከባድ ቃል ነው፤ የሚለወጥ ነገር ስም አይደለም። ቅጹ «የሠራተኛው ባሕርይ» ብሎ ሲጠይቅ፣ ኃላፊው ስለ ተፈጥሮ እንደ ተጠየቀ ሆኖ ቢመልስ አያስደንቅም። «አድራጎት» ወይም «ተግባር» ተብሎ ቢጠየቅ ኖሮ ብዕሩ ወደ ሌላ አቅጣጫ ይሄድ ነበር ብዬ አምናለሁ።

ስለዚህ ለተማሪዎቼ የምሰጠው መፈተኛ ሰዋስዋዊ ነው። የዓረፍተ ነገሩን ማሰሪያ ተመልከቱ። በቅጽልና በ«ነው» ከታሰረ፣ ማለትም «ቸልተኛ ነው»፣ «ትጉህ ናት» ካለ፣ የተጻፈው ስለ ሰው ነው። በድርጊት ግስ ከታሰረ ስለ ሥራ የመሆን ዕድል አለው። ዕድል ብቻ ነው ያልሁት፤ ምክንያቱም ግሱም ያታልላል። «ሪፖርቱን መስከረም 12 ቀን አስረከበ፤ ቀጠሮው መስከረም 5 ነበር» የሚለው ስለ አንድ ድርጊት ይናገራል። «ሪፖርት ያዘገያል» የሚለው ግን ድርጊት ይምሰል እንጂ ልማድን የሚገልጽ ነው፤ ቀን የለውም፣ ቁጥር የለውም፣ ከ«ዘገምተኛ ነው» የሚለየው በልብሱ ብቻ ነው። «አይነሣሣም»፣ «አይተባበርም»ም እንዲሁ። የኃላፊ ግብረ መልስ ባለፈ ጊዜ ግስ እንዲጻፍ የምመክረው ስለዚህ ነው። ያለፈ ጊዜ ግስ መቼ፣ ስንት፣ የቱ የሚሉትን ጥያቄዎች ይጋብዛል።

አሁን ወደ ግዥ ባለሙያው እንመለስ። ኃላፊው «ቸልተኛ» ከማለቱ በፊት ራሱን «ምን አይቼ ነው?» ብሎ ይጠይቅና መዝገቡን ይከፍታል። በስድስት ወሩ ባለሙያው 22 የግዥ ሰነዶችን ለአጽዳቂ ኮሚቴ አቅርቧል። 16ቱ ያለ ጥያቄ ጸድቀዋል፣ 6ቱ ተመልሰዋል። ከተመለሱት አንዱ የበጀት ማረጋገጫ የጎደለው ነው። የቀሩት 5ቱ ግን ጉድለታቸው አንድ ነው፤ የዕቃው ዝርዝር መግለጫ አልተሟላም። ኃላፊው አምስቱን ጎን ለጎን ሲያስቀምጣቸው ሌላ ነገር ይታየዋል፤ ሁሉም የመጡት ከሁለት የሥራ ክፍሎች ነው፤ ሁለቱም የሚጠቀሙት ለዝርዝር መግለጫ ቦታ በሌለው አሮጌ የመጠየቂያ ቅጽ ነው።

እዚህ ላይ ቆም ማለት ይገባል። ባለሙያው ቸልተኛ ቢሆን ኖሮ ጉድለቱ ከየትም ክፍል በመጡ ሰነዶች ላይ ተበታትኖ እንዲገኝ እንጠብቅ ነበር። አልተበታተነም። የባለሙያው ድርሻ ግን ጨርሶ አልጠፋም፤ ሰነዶቹን ከመላኩ በፊት በማረጋገጫ ዝርዝሩ አላመሳከረም፣ ጉድለቱንም ለጠያቂው ክፍል አልመለሰም። የእርሱ የሆነውና ያልሆነው አሁን ተለየ። አስተያየቱም እንዲህ ሊጻፍ ይችላል፦

«ከሐምሌ 1 እስከ ታኅሣሥ 30 ባለሙያው 22 የግዥ ሰነዶችን ለአጽዳቂ ኮሚቴ አቅርቧል። 16ቱ በመጀመሪያ ሲቀርቡ ጸድቀዋል። 6ቱ ተመልሰዋል፤ ከእነዚህ 5ቱ ከሁለት የሥራ ክፍሎች የመጡና ዝርዝር መግለጫቸው ያልተሟላ ነበር። ባለሙያው እነዚህን ሰነዶች በማረጋገጫ ዝርዝሩ ሳያመሳክር ልኳቸዋል። በዚህ ምክንያት በኅዳር ወር የላቦራቶሪ ኬሚካል ግዥ በ11 የሥራ ቀናት ዘግይቷል፤ የሁለት አቅራቢዎች ፕሮፎርማም የሚጸናበት ጊዜ አልፎ እንደገና ተሰብስቧል። ከጥር 1 ጀምሮ ባለሙያው ያልተሟላ ጥያቄ ሲደርሰው ጉድለቱን በጽሑፍ ጠቅሶ በ2 የሥራ ቀናት ውስጥ ለጠያቂው ክፍል ይመልሳል። አሮጌውን ቅጽ የማስቀየር ኃላፊነት የእኔ ነው።»

ጽሑፉ ረዝሟል፤ አልክድም። ቅጹ ቦታ ከሌለው በአባሪ ወረቀት ይጻፋል። በውስጡ አድራጎቱም ውጤቱም መኖራቸውን ግን ልብ በሉ። ውጤቱ ብቻ ቢጻፍ፣ «ግዥው 11 ቀን ዘገየ» ብቻ ቢባል፣ ባለሙያው በእጁ ላልነበረው ቅጽ ሁሉ ተጠያቂ ይሆናል። አድራጎቱ ብቻ ቢጻፍ ደግሞ፣ «አላመሳከረም» ብቻ ቢባል፣ ይህ ለምን ቁም ነገር እንደ ሆነ አይታወቅም፤ ነገረኛ አለቃ የለቀማት እንከን ትመስላለች።

እንዲህ ያለው አጻጻፍ ሠራተኛውን ያስቀይማል፣ ይሉኝታም አይፈቅድም የሚል መከራከሪያ ብዙ ጊዜ እሰማለሁ። የእኔ አስተያየት ተቃራኒው ነው። «የተነሣሽነት ማነስ ይታይበታል» የሚለው ለስላሳ የሚመስለው ለጸሐፊው ነው፤ ቁጥር ከማውጣትና ፊት ለፊት ከመነጋገር ያድነዋልና። ለተጻፈበት ሰው ግን ስለ ማንነቱ የተሰጠ ፍርድ ነው። አቭራሃም ክሉገርና አንጀሎ ዴኒሲ በ1996 እ.ኤ.አ. ከቀደሙ ጥናቶች 607 የውጤት መለኪያዎችን ሰብስበው ሲመረምሩ፣ ግብረ መልስ በአማካይ አፈጻጸምን ቢያሻሽልም ከሦስት አንድ በሚበልጡት ላይ አፈጻጸሙን ዝቅ እንዳደረገው አገኙ። የሰጡት ማብራሪያ ለጉዳያችን ቅርብ ነው፤ የሰውየው ትኩረት ከሥራው ርቆ ወደ ራሱ በዞረ መጠን የግብረ መልሱ ጥቅም ይቀንሳል። የተመረመሩት ሁሉ የቢሮ ምዘናዎች እንዳልነበሩ ግን መታሰብ አለበት።

ምስጋናም ከዚህ ሕግ አይወጣም። «ታዛዥና ሰው አክባሪ ነው» የሚለው ለግዥ ባለሙያው ምንም አልሰጠውም፤ 16 ሰነዶች በመጀመሪያ ሲቀርቡ መጽደቃቸው ግን ለዕድገት ኮሚቴ የሚናገረው አለ።

ዘዴው የሚደናቀፍበት ቦታም አለ። መዝገብ የሚያውቀው የተመዘገበውን ብቻ ነው። ይኸው ባለሙያ አዲስ የገባን ባልደረባ ሁለት ወር ሙሉ አለማምዶ ሊሆን ይችላል፤ ይህን የሚቆጥር መዝገብ የለም። ጆን ፍላናጋን በ1954 እ.ኤ.አ. ያብራራው የወሳኝ ክስተቶች ዘዴ እዚህ ላይ ያግዛል፦ ሥራውን በግልጽ የረዳ ወይም የጎዳ አድራጎት ሲታይ፣ ከነቀኑ፣ ሳይረሳ በአጭሩ ይጻፋል። ኃላፊዎች ይህን ማስታወሻ የሚያበላሹት በሁለት መንገድ ነው፤ ሲናደዱ ብቻ በመጻፍ፣ ወይም ምዘናው ሊደርስ ሲል አንድ ላይ በመጻፍ። ሁለቱም በቀላሉ ይታወቃሉ። ማስታወሻው ውስጥ መልካም ነገር ከሌለ የመጀመሪያው፣ ቀኖቹ ሁሉ በመጨረሻው ወር ከተከማቹ ሁለተኛው ነው። ደግሞ «ሆን ብሎ» የሚለው ቃል በዚህ ቦታ ቦታ የለውም። ሐሳብ አይታይም፤ ሆን ተብሎ የተፈጸመ ጥፋት አለ ከተባለ ማጣራቱ የዲሲፕሊን ሥርዓት ነው።

በመጨረሻ ከአስተያየቱ በታች ስላለው የሠራተኛው መልስ መስጫ ልናገር። ለመጀመሪያው ጽሑፍ ባለሙያው የሚጽፈው «አልስማማም» ብሎ ነው፤ ሌላ የሚጻፍ ነገር የለም። ለሁለተኛው ግን «በኅዳር ወር የኬሚካሉን ጉድለት ለጠያቂው ክፍል በስልክ ነግሬ ነበር» ብሎ ሊጽፍ ይችላል። ይህ ሊጣራ የሚችል መልስ ነው። ኃላፊው ክፍሉን ይጠይቃል፤ እውነት ሆኖ ከተገኘ «ሳያመሳክር ልኳቸዋል» የሚለውን በአምስቱ ሳይሆን በአራቱ ሰነዶች ላይ ብቻ አድርጎ ያርመዋል፣ የታረመውም ከፊርማቸው ጋር ወደ ማኅደሩ ይገባል።