ለክፍል ግድግዳ የሚሆን ስንኝ

በብዙ የመጀመሪያ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ግድግዳ ላይ «ከምግብ በፊት እጅን በሳሙና መታጠብ ለጤና እጅግ ጠቃሚ ነው» የሚል ዓይነት ጽሑፍ ይታያል። ሐሳቡ እውነት ነው፤ ግን የአንደኛ ክፍል ልጅ አንብቦ እስኪጨርሰው መነሻውን ይረሳዋል። ያንኑ መልእክት በስንኝ ስናደርገው እንዲህ ሊሆን ይችላል፦

በሳሙና ታጠቡና
ምሳ ብሉ ቶሎ ኑና

እያንዳንዱ ስንኝ ሁለት ሐረግ አለው፣ እያንዳንዱ ሐረግ ደግሞ አራት ቀለም። በሳሙና፣ ታጠቡና፣ ምሳ ብሉ፣ ቶሎ ኑና። ይህ አራት በአራት የሚሄደው ምት ቡሄ በሉ ይባላል፤ ልጆች በነሐሴ ወር እየጨፈሩ የሚያውቁት ስለሆነ ማንም ሳያስተምራቸው በጭብጨባ ይገቡበታል። ቤቱን የሚመታው «ና» ነው፤ ልጁ የመጀመሪያውን ስንኝ ካለ ሁለተኛው የት እንደሚያርፍ ጆሮው ይነግረዋል።

ጀማሪ ጸሐፊ ብዙ ጊዜ የሚሳሳተው ፊደል ሲቆጥር ነው። መቆጠር ያለበት ከአፍ የሚወጣው ቀለም ነው። «ትምህርት ቤት» ሲጻፍ ሰባት ፊደል ነው፤ ሲነገር ግን ሦስት ጊዜ ብቻ ያስጨበጭባል፦ ትም፣ ህርት፣ ቤት። ሳድስ ፊደል አንዳንዴ የራሱ ድምፅ አለው፣ አንዳንዴ ከጎረቤቱ ጋር ይዋጣል። ስለዚህ ለጀማሪዎች ሳድስ ያልበዛበት ቃል ይመረጣል፤ «በሳሙና» አራት ፊደል፣ አራት ቀለም ነው። በጣቱ እየጠቆመ የሚያነብ ልጅ ድምፁና ፊደሉ ይገጥሙለታል።

«ታጠብ» ብንል ግን ሴቶቹን ትተናቸዋል፣ «ታጠቢ» ብንል ወንዶቹን። «ታጠቡ» ሁሉንም ይጠራል። እሱም ቢሆን አንድ ችግር አለበት፦ «ጠ» ሲላላ ትእዛዝ ነው፣ ሲጠብቅ ግን «እነሱ ታጠቡ» የሚል ወሬ ይሆናል፤ ጽሑፋችን ደግሞ ማጥበቂያ ምልክት አያሳይም። ስለዚህ ጽሑፉ ከመሰቀሉ በፊት መምህሯ ጮክ ብላ ልታነበው፣ ልጆቹም እያጨበጨቡ ሊከተሏት ይገባል።

አጻጻፉን በተመለከተ፣ በካርቶንም ይሁን በማዳበሪያ ጆንያ ላይ ይጻፍ፣ አንድ ስንኝ በአንድ መስመር ይለቅ። ቦታ አነሰ ተብሎ «ታጠ» ከላይ፣ «ቡና» ከታች ከወረደ ልጆቹ ስለ ቡና ማንበባቸው አይቀርም። ቦታ ከጠበበ በሐረጉ መጨረሻ ይሰበር። ከፍታውም በመምህሯ ሳይሆን በልጆቹ ዓይን ይለካ፤ ከጥቁር ሰሌዳው በላይ የተሰቀለ ጽሑፍ ለፊተኛው ወንበር እንኳ አንገት ያስቀስራል።

የሠራችሁትን ስንኝ ከሳምንት በኋላ ሸፍኑትና ልጆቹን በቃላቸው አስብሏቸው። ሁሉም አንድ ቦታ ላይ ከተደናቀፉ ልጆቹን አትውቀሱ፤ እዚያ ያለውን ቃል ቀይሩት።