ለሚነዳ ሰው የሚጻፍ መስመር

በአዲስ አበባ–አዳማ የፍጥነት መንገድ በሰዓት 100 ኪሎ ሜትር የሚጓዝ መኪና በእያንዳንዱ ሰከንድ 28 ሜትር ያህል ይሄዳል። ከመንገዱ ዳር የቆመ ቢልቦርድ ሊናገር የሚችለው በዚህ ፍጥነት መካከል ነው። ስለዚህ የቢልቦርድ ጽሑፍ አርታኢ ሥራውን የሚጀምረው በስሌት ነው። ጽሑፉ ከስንት ሜትር ይታያል? ሹፌሩስ ለስንት ሰከንድ ያየዋል?

ስሌቱ ቀላል ነው። በአሜሪካ የመንገድ ምልክት መመሪያ ውስጥ የቆየ አንድ መለኪያ ለእያንዳንዱ 2.5 ሳንቲ ሜትር የፊደል ቁመት 9 ሜትር የንባብ ርቀት ይሰጣል። መለኪያው የተቀመረው ለላቲን ፊደል ስለሆነ ለእኛ ፊደል እንደ ጣሪያ ቢወሰድ ይሻላል። የኛዎቹ ልዩነታቸው ብዙ ጊዜ በትንሽ ቅጥያ ነው። «ቡ» እና «ቢ» የሚለዩት በስተቀኝ ያለችው ጭረት ከፍና ዝቅ በማለቷ ብቻ ነው፤ ከሩቅ ሁለቱም «በ» ይመስላሉ። ከተገኘው ርቀት ላይ ደግሞ የመጨረሻው 50 ሜትር ይቀነሳል። ሹፌሩ እዚያ ሲደርስ ሰሌዳው ወደ ጎኑ ስለሚሸሽ፣ ለማንበብ አንገቱን ማዞር ይኖርበታል።

ከዚያም የዓይን ነገር አለ። ሰሌዳው ለአሥር ሰከንድ ቢታይም ሹፌሩ አሥር ሰከንድ አያየውም፤ ዓይኑ የመንገዱ ነው። የአሜሪካ የአውራ ጎዳና ትራፊክ ደህንነት አስተዳደር እ.ኤ.አ. በ2013 በመኪና ውስጥ ስለሚገጠሙ መሣሪያዎች ባወጣው መመሪያ፣ ሹፌር ዓይኑን ከመንገድ አንሥቶ የሚያይበት አንድ እይታ ከ2 ሰከንድ እንዳይበልጥ ይመክራል። ለቢልቦርድም ይህንኑ ልክ መያዝ አስተዋይነት ነው። በአንድ እይታ ያላለቀ መስመር ሹፌሩን ሁለተኛ እንዲያይ ይጋብዘዋል፤ ይህ ደግሞ ለማስታወቂያውም ለሹፌሩም አይበጅም።

አሁን አንድ ጽሑፍ እናርም። ሞጆ መውጫ አጠገብ ምግብ ቤት ያላቸው ሰው፣ 12 ሜትር ስፋትና 4 ሜትር ቁመት ላለው ሰሌዳ ይህን ይዘው መጡ እንበል፦

«ረጅም መንገድ ተጉዘው ድካም ለተሰማዎት ክቡራን ደንበኞቻችን ትኩስ የባህል ምግቦችን፣ ንጹህ መጸዳጃ ቤትና ሰፊ የመኪና ማቆሚያ አዘጋጅተን በሞጆ መውጫ እንጠብቅዎታለን።»

ለደብዳቤ ቢሆን ጨዋ ዓረፍተ ነገር ነው። በውጭ አገር የማስታወቂያ ሙያ «ከሰባት ቃል አይለፍ» ይባላል፤ ይህ ግን 20 ቃል ነው። አማርኛ ላይ ግን ቃል መቁጠር ያታልላል፤ አድራጊውንም ተቀባዩንም አክብሮቱንም አንድ ግስ ተሸክሞ ይሄዳልና። «እንጠብቅዎታለን» አንድ ቃል ሆኖ ዘጠኝ ፊደል ነው። የሚቆጠረው ፊደል ሊሆን ይገባል፤ እዚህ 84 ፊደል አለ። በአምስት መስመር ብንደረድራቸው እያንዳንዱ ፊደል ከ40 ሳንቲ ሜትር በታች ይሆናል፤ የሚነበበውም ከ140 ሜትር ያህል ነው። 50ውን ስንቀንስ 90 ይቀራል፤ እሱም 3 ሰከንድ ነው። በሦስት ሰከንድ 84 ፊደል! ደግሞም ግሱ መጨረሻ ላይ ስለሆነ፣ ሹፌሩ እስከ ግማሽ ቢያነብ እንኳ ምን እንዲያደርግ እንደተጠየቀ አያውቅም።

የመጀመሪያው ቆረጣ የሚያርፈው በሰላምታው ላይ ነው። ሹፌሩ መድከሙን ራሱ ያውቃል፤ «ክቡራን» ባይባልም አይቀየምም። ግሱም ይውጣ። «ውጡ» ቢባል ትእዛዝ ይመስላል፣ «ይውጡ» ቢባል አክብሮት ይሆናል፤ ግስ ከሌለ ግን ጥያቄው ራሱ ይቀራል። የሚተርፈው ይህ ነው፦ «ትኩስ የባህል ምግብ፣ ንጹህ መጸዳጃ፣ ሰፊ ማቆሚያ በሞጆ መውጫ»። 29 ፊደል። በጣም ተሻሽሏል፤ ግን ሦስት ነገር ቃል ስለሚገባ ሹፌሩ አንዱንም ይዞ አይሄድም።

ከባለቤቱ ጋር ክርክሩ የሚከረው እዚህ ላይ ነው። ማቆሚያው ብዙ ብር ፈሶበታል፤ መጸዳጃውም እውነት ንጹህ ነው። አርታኢው ግን የሚጠይቀው ሹፌሩን ከመንገዱ የሚያስወጣው ምን እንደሆነ ብቻ ነው። ምግብ ካሉ ማቆሚያና መጸዳጃ እንዳለ ይገመታል፤ ማቆሚያ ካሉ ግን ምግብ እንዳለ አይገመትም። ስለዚህ ምግቡ ይቀራል። «ምሳ» ቢባል አንድ ፊደል ይቆጥባል፤ ሆኖም ሰሌዳው ማታም ጠዋትም እዚያው ቆሞ ስለሚውል «ምግብ» ይሻላል። «ቀጣዩ መውጫ» ማለትም ያምራል፤ ነገር ግን ሰሌዳው ከቢሾፍቱ መውጫ በፊት ከተተከለ ሐሰት ይሆናል። «ሞጆ» ግን የትም ቢተከል እውነት ነው፤ ሹፌሩም ይህንኑ ስም በመንገዱ አቅጣጫ ጠቋሚ ላይ እንደገና ያገኘዋል። የመጨረሻው ጽሑፍ፦

ትኩስ ምግብ
ሞጆ መውጫ

አሥራ አንድ ፊደል ነው። መስመሩም የተሰበረው በሐሳቡ ልክ ነው፤ ላይኛው «ምን»፣ ታችኛው «የት»። «ትኩስ» ብቻውን ላይ ቀርቶ «ምግብ» ወደ ታች ቢወርድ፣ ዓይን ሁለቱን ለማጋጠም መመለስ ይገደድ ነበር።

እዚህ ላይ ቆረጣው ሁለት ጊዜ ይከፍላል። አንደኛ፣ የሚነበበው አነሰ። ሁለተኛ፣ ቦታ ስለተለቀቀ ፊደሉ 1 ሜትር ሊሆን ይችላል፤ በዚያው መለኪያ ከ360 ሜትር ይታያል ማለት ነው። 50ውን ብንቀንስ 310 ሜትር፣ ማለትም 11 ሰከንድ ይሆናል። 20ው ቃል 3 ሰከንድ ነበረው፤ አራቱ ቃል 11 ሰከንድ አገኘ። ሹፌሩ መንገዱ ሲመቸው ለአፍታ አይቶ ሊጨርሰው ይችላል።

የምግብ ቤቱ ስምስ? ስልኩስ? ስልኩ ይውጣ፤ በ100 ኪሎ ሜትር ፍጥነት አሥር አኃዝ የሚይዝ ሹፌር የለም። ስሙ ግን ሹፌሩ ከመውጫው ከወጣ በኋላ ፍጥነቱን ስለሚቀንስ፣ እዚያ ለሚተከል ትንሽ ሰሌዳ ይሰጣል። መልእክትን በሰሌዳዎች ማከፋፈል የቆየ ዘዴ ነው። በርማ ሼቭ የተባለው የአሜሪካ የመላጫ ክሬም እ.ኤ.አ. ከ1925 እስከ 1963 ድረስ አጫጭር ግጥሞችን በተከታታይ ትናንሽ ሰሌዳዎች ላይ ስንኝ በስንኝ እየከፋፈለ በመንገድ ዳር ያቆም ነበር።

ጽሑፉ ወደ ማተሚያ ከመሄዱ በፊት ይፈተናል። ሰሌዳውን 6 ሳንቲ ሜትር ስፋት አድርጎ ወረቀት ላይ ማተም ነው፤ አንድ ሜትር ርቆ ሲታይ ዓይን ላይ የሚኖረው መጠን ከ200 ሜትር እንደሚታየው ሰሌዳ ነው። ሥራውን ጭራሽ ለማያውቅ ሰው 2 ሰከንድ አሳይቶ መሸፈን፣ ከዚያ «ምን አለ? የት?» ብሎ መጠየቅ። «ምግብ» ብሎ ቦታውን ከሳተ ታችኛው መስመር ደክሟል። የመጨረሻውን ቃል ብቻ ከመለሰ ጽሑፉ ረዝሟል። ቃሉን በሌላ ቃል ከተካው ደግሞ ከሩቅ የሚመሳሰል ፊደል አለ ማለት ስለሆነ፣ የፊደሉን ቅርጽ ሳይሆን ቃሉን ራሱን መለወጥ ይበጃል።

ይህ ሁሉ የሚሠራው መኪና በሚሮጥበት ቦታ ነው። አዲስ አበባ ውስጥ መኪና ተሰልፎ በሚቆምበት መስቀለኛ መንገድ ላይ ያው የመጀመሪያው ጽሑፍ፣ ያለ «ክቡራን» እንኳ ቢሆን፣ ሊነበብ ይችላል። እዚያ የሚቆጠረው የመብራቱ ሰከንድ ነው። ስለዚህ አንድ ዓይነት ጽሑፍ ለሁለቱም ቦታ ካዘዙ፣ አርታኢው መጀመሪያ የሚጠይቅዎት ሰሌዳው የት እንደሚቆም ነው።