የግቢ መብራት፦ ከመስከረም ዝናብ እስከ ጥር አቧራ

በእንቁጣጣሽ ሰሞን አዲስ አበባ ላይ ክረምቱ ገና ጓዙን አልጠቀለለም። ጠዋት ፀሐይ ወጥታ ከሰዓት በኋላ ዶፍ ሊወርድ ይችላል። ገና ሲደርስ ዝናቡ ጠፍቶ ነፋስና አቧራ ይተካሉ። ለአዲስ ዓመት ግቢ ውስጥ የተሰቀለ የጌጥ መብራት እስከ ጥምቀት ይቆይ ከተባለ፣ ጠባያቸው የማይገናኝ ሁለት ወቅቶችን መሻገር አለበት።

ብዙ ሰው የሚሰጋው ለአምፖሎቹ ነው። ውሃ ቶሎ የሚገባው ግን መገጣጠሚያው ላይ፣ ማለትም ስፒናው ከማከፋፈያው ጋር በሚገናኝበት ቦታ ነው። በመብራቱ ካርቶን ላይ «አይፒ» ከሚለው ምልክት ቀጥሎ ሁለት አሃዞች ይጻፋሉ። የመጀመሪያው አቧራን፣ ሁለተኛው ውሃን የመከላከል አቅሙን ይነግራል። 20 የተባለው ለቤት ውስጥ ብቻ ነው፤ 44 የውሃ ፍንጣሪ ይችላል፤ 65 አቧራ አያስገባም፣ በቱቦ የሚረጭ ውሃም ይቋቋማል። እዚህ ላይ ብዙዎች ይሳሳታሉ። አምፖሎቹ 65 ሆነው፣ በዚያው ካርቶን ውስጥ ያለው አዳፕተር 20 ሊሆን ይችላል። ስለዚህ የሁለቱም ጽሑፍ ለየብቻ መነበብ አለበት፤ አዳፕተሩም በረንዳ ሥር ወይም ቤት ውስጥ ይቀመጣል።

መገጣጠሚያን በፌስታልና በናስትሮ ጥፍንግ አድርጎ ማሰር የተለመደ ነው፤ ግን ጉዳቱ ያመዝናል። ቀን የሞቀው አየር ሌሊት ሲቀዘቅዝ ፌስታሉ ውስጥ ጤዛ ይሠራል፤ መውጫ ስለሌለው እዚያው ይጠራቀማል። የሚሻለው ከላይ የተከደነ፣ ከታች የተከፈተ መጠለያ ነው። ባለ 5 ሊትር ጀሪካን ቂጡ ይቆረጥና፣ ክዳኑ ጠብቆ አፉ ወደ ላይ እንዲሆን ይሰቀላል፤ መገጣጠሚያው ከታች ወደ ውስጥ ይገባል። ዝናብ ከላይ አያገኘውም፣ አየርም ይዘዋወራል። ገመዱ ወደ ሶኬት ሲሄድ ደግሞ ከሶኬቱ ዝቅ ብሎ ወርዶ እንደገና መውጣት አለበት። ገመዱን ተከትሎ የሚወርደው ውሃ ዝቅተኛው ቦታ ላይ ይንጠባጠባል እንጂ ሶኬቱ ውስጥ አይገባም።

የነፋሱ ጣጣ ከሁሉ ይከፋል፤ ምክንያቱ የቆርቆሮ አጥር ነው። ከበር እስከ በረንዳ 8 ሜትር የሆነ ግቢ እንውሰድ። መብራቱ በአጥሩ ጫፍ ላይ ቢዘረጋ፣ ነፋስ ባወዛወዘው ቁጥር የቆርቆሮው ስለታም ጠርዝ የገመዱን ልባስ ይፍቃል። መዳቡ ቆርቆሮውን የነካ ዕለት 220 ቮልት ወደ አጥሩና ወደ በሩ ያልፋል፤ ልጅ በእርጥብ እጁ የሚከፍተው ያንኑ በር ነው። ተራ ብሬከር ይህን ላያስቆም ይችላል። የሚሠራው ከመጠን በላይ ጭነት ወይም አጭር ግንኙነት ሲፈጠር ነው፤ በሰው አካል የሚያልፈው ኤሌክትሪክ ግን ለመግደል የሚበቃ ሆኖም ብሬከሩን ለማስነሳት ያንሳል። ሰውን የሚያድነው 30 ሚሊአምፒር ያህል ሲያፈስ ወዲያው የሚያጠፋው መከላከያ ነው፤ ይህን የሚገጥመው ኤሌክትሪሺያን ነው።

በዚሁ ግቢ ትክክለኛው አሰቃቀል ይህ ነው፦ በሁለት የእንጨት ምሰሶዎች መካከል ከቆርቆሮው ራቅ ብሎ ጠንካራ የናይለን ገመድ ይወጠራል፤ የመብራቱ ገመድ በየግማሽ ሜትሩ በእሱ ላይ ይታሰራል። እንዲህ ሲሆን ጉተታውን የሚሸከመው ናይለኑ ነው። ናይለኑም ቢሆን መሐሉ ላይ 30 ሴንቲሜትር ያህል ዝቅ ይበል። ርጋቡ ወደ 15 ሲቀነስ ውጥረቱ እጥፍ ይሆናል፤ ነፋስ ሲመጣ የሚበጠሰውም እንዲህ የተወጠረው ነው። ከቆርቆሮ ጋር የግድ መነካካት ካለ፣ በዚያ ቦታ ገመዱ በተሰነጠቀ የውሃ ጎማ ይለበስ።

በታኅሣሥና በጥር የሚመጣው አቧራ ደረቅ እስከሆነ ድረስ ብዙም አይጎዳም። ሌሊት ጤዛ ሲያርሰው ግን በስፒናው እግሮች መካከል ኤሌክትሪክ የሚተላለፍበት ስስ መንገድ ይሠራል። ምልክቱ ይታወቃል፦ ጠዋት መብራቱ ይርገበገባል፣ ስፒናው ላይ ቡናማ የቃጠሎ ጠባሳ ወይም አረንጓዴ የመዳብ ዝገት ይታያል። እንዲህ ያለ ስፒና ተጠርጎ አይመለስም፤ ይቀየራል። ጤነኛው በሳምንት አንድ ቀን ከሶኬት ተነቅሎ በደረቅ ለስላሳ ብሩሽ ይጠረግ። በፀሐይ የሚሠሩ መብራቶች ካሉ ግን በርታ ማለት ያስፈልጋል፤ አቧራ የለበሰ መስታወታቸው ቀን በቂ ኃይል ስለማይሰበስብ ማታ ቶሎ ይጠፋሉ።

የወረቀትና የጨርቅ ጌጥ ከዝናብ ስለማይተርፍ ቦታው በረንዳ ነው። ደጅ የሚቆም የገና ዛፍ ባለ 20 ሊትር ባልዲ ውስጥ ድንጋይና አሸዋ ተሞልቶበት ይተከል፣ በሦስት አቅጣጫም በገመድ ይወጠር።

በሩን ወይም አጥሩን ሲነኩ ንዝረት ከተሰማ፣ ለመሞከር ደግሞ መንካት አይገባም። ቆጣሪው ጋ ያለው ዋና ማጥፊያ ይጥፋ፤ ገመዱ ከዚያ በኋላ ይውረድና በባለሙያ ይታይ።