«ስለ አወሊያ ልሥራ»

አንዲት ተለማማጅ ጋዜጠኛ «ስለ አወሊያ ልሥራ» ብላ መጣች። የኮልፌ ቀራኒዮ ልጅ ናት፤ ትምህርት ቤቱን ታውቀዋለች። እኛ ግን ይህ ርዕስ እንጂ የዘገባ ሐሳብ አይደለም አልናት። አንባቢ ያልሰማው ምን አለ? ማንስ ይናገራል? በማግስቱ «በጥር 2004 በተጀመረው ተቃውሞ ጊዜ እዚያው ይማሩ የነበሩት ዛሬ ምን ያስታውሳሉ?» ብላ ተመለሰች። ተቀበልናት።

ጽሑፉን ስናይ አንድ ቀን አስቆመን። አንድ የቀድሞ ተማሪ ከተቃውሞው በፊት ስለነበረው ሁኔታ ሲያወራ «ታኅሣሥ 2004» ብሏታል። እሷም ለውጭ አገር አንባቢዎቻችን ብላ 8 ደምራ «2012» ጽፋለች። ከመስከረም እስከ ፈረንጆች አዲስ ዓመት ድረስ ግን የሚደመረው 7 ነው፤ 8 የሚሆነው ከዚያ ወዲህ ነው። ታኅሣሥ ደግሞ ለሁለት ይከፈላል። ታኅሣሥ 21 ቀን 2004 ገና 2011 ነበር፤ ታኅሣሥ 22 ግን 2012 ገባ። ስለዚህ ወሩን ብቻ ይዞ መቀየር አይቻልም።

ደውላ ቀኑን ጠየቀችው። አላስታወሰውም። የፈረንጁን ዓመት አወጣችና «ታኅሣሥ 2004» የሚለውን፣ እሱ እንዳለው፣ ተወችው።